እንቁላል ስልጥ ነጩ ከቅርፊቱ ጋር ይነሳብኛል፣ አስኳሉም ዙሪያውን አረንጓዴ ይሆናል

የኮቺዋ

ሰላም ለሁላችሁ። ጅማ፣ ኮቺ አካባቢ ነው የምኖረው። የፊታችን እሁድ ሳይሆን የሚቀጥለው የልጃችን ክርስትና ነው። ለዶሮ ወጡ አርባ ያህል እንቁላል መቀቀል አለብኝ፣ እና ከአሁኑ ጭንቅ ይዞኛል።

ባለፈው ማኅበር በቤታችን ሲወጣ የሆነውን ልንገራችሁ። እንቁላሉን ከጎረቤቴ ነው የገዛሁት፣ ዶሮዎች ታረባለች። የዚያኑ ቀን ጠዋት የተጣለ ነው። ቀቅዬ ስልጥ ነጩ ከቅርፊቱ ጋር እየተቦጨቀ መጣ። አንዳንዱ አስኳሉ ድረስ ተገለጠ። እንዲህ የሆነውን ወጥ ውስጥ ብከተው አስኳሉ ፈርሶ መረቁ ውስጥ ይሟሟል፣ ስለዚህ ለልጆች ሰጠሁት። በደህና የተላጠውን ደግሞ እንግዶች ሲከፍሉት አስኳሉ ዙሪያውን አረንጓዴ፣ ግራጫ የመሰለ ቀለበት ይዟል። አንዲት ትልቅ ሴት «ይህማ ተበላሽቷል» ብለው ወደ ጎን አደረጉት። እንቁላሉ ግን ትኩስ ነበር፣ ሽታም የለውም።

የምቀቅለው እንዲህ ነው። እንቁላሉን ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ እከትና ከሰል ላይ እጥዳለሁ። ሽንኩርት እስካቁላላ ይፈላል፣ ግማሽ ሰዓትም ሊቆይ ይችላል። ከዚያ አውርጄ እስኪበርድ እዚያው ውሃው ውስጥ እተወዋለሁ። ሌላ የሚያደርግ ካለ እባካችሁ ንገሩኝ። ፍሪጅ አለኝ፣ ግን መብራት አይታመንም፣ በረዶ የለኝም።

የቤቲ እናት

እንኳን ለዚህ አበቃሽ የኔ ልጅ፣ ልጅሽን እግዜር ያሳድግልሽ። ጨው ጨምሪበት! ውሃው ላይ ሁለት ማንኪያ ጨው ሲደረግ ቅርፊቱ ይለቃል። ኮምጣጤ ካለሽም ጠብ አድርጊ። እኔ ሁልጊዜ እንዲህ ነው የማደርገው። አረንጓዴው ደግሞ የፈረንጅ ዶሮ ነገር ነው። መኖው ነው እንደዚያ የሚያደርገው። የሀበሻ እንቁላል ብትገዢ አስኳሉ ቢጫ ብቻ ነው።

የአባ ቡና ደጋፊ

እህቴ፣ የተበላሸ እንቁላል ለመለየት ቀላል ነው። ብርጭቆ ወይም ሰሃን ውስጥ ውሃ አድርጊና እንቁላሉን ከነቅርፊቱ ክተቺው። ታች ጋደም ካለ ደህና ነው። ወደ ላይ ተንሳፎ ከወጣ ጣዪው። ነጋዴዎቹ አሮጌ ቀላቅለው ነው የሚሸጡት። ቀጥታ የዚያኑ ቀን የተጣለውን መግዛት ነው መፍትሔው።

የኮቺዋ

የአባ ቡና ደጋፊ፣ አመሰግናለሁ፣ ግን የኔ ችግር የተበላሸ እንቁላል አይደለም። እንዳልኩት የዚያኑ ቀን የተጣለ ነው። እትዬ፣ የሀበሻ ነው እኮ የጎረቤቴ ዶሮ። ጨውም አድርጌበት ነበር።

ነጭ ሽርጥ

እህቴ፣ ጅማ ሆቴል ቤት ወጥ ቤት ውስጥ ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ፣ ጠዋት ጠዋት ብዙ እንቁላል ነው የሚቀቀለው። የጻፍሽው ውስጥ ሁለቱም ችግር ያለበት ቦታ ይታያል፣ ልለያይልሽ።

መጀመሪያ መላጡን እንይ። እንቁላሉ ሲቀቀል አልላጥ ያለሽ ትኩስ ስለሆነ ነው። ዶሮዋ ስትጥለው ነጩ ውስጥ ካርቦን ዳይኦክሳይድ አለ። ያ ጋዝ ገና ሳይወጣ ከተቀቀለ ነጩ ከቅርፊቱ ሥር ካለው ስስ ቆዳ ጋር ይጣበቃል። እንቁላሉ ሲቀመጥ ጋዙ በቅርፊቱ ጥቃቅን ቀዳዳዎች እየወጣ ይሄዳል፣ ያኔ ነጩ ያን ቆዳ ይለቃል። ስለዚህ ለጥብስ ትኩሱን ብዪ፣ ለቅቅል ግን ሳምንት ወይም ዐሥር ቀን የቆየውን ያዢ። የአባ ቡና ደጋፊ የሰጠው ምክር ለኦምሌት ጥሩ ነው፣ ለመላጥ ግን ተቃራኒው ነው የሚሠራው። የውሃው ፈተናው ግን ይጠቅምሻል። ታች ጋደም የሚለው በጣም ትኩስ ነው። ታች ሆኖ ወፍራሙ ጫፉ ወደ ላይ ቀና ሲል ለቅቅል ደርሷል። ተንሳፎ ከወጣ ግን መተው ነው።

ሁለተኛው ቀዝቃዛ ውሃ ላይ መጣድሽ ነው። ውሃው ቀስ ብሎ ሲሞቅ ነጩም ቀስ ብሎ ይረጋል፣ እየረጋ ሳለ ከቆዳው ጋር ይያያዛል። መጀመሪያ ውሃውን አፍልተሽ፣ በጣም እየተንተከተከ ሳለ እንቁላሉን በጭልፋ ቀስ አድርገሽ ክተቺ። የውጩ ነጭ ቶሎ ይጠነክራል፣ ከቆዳውም ጋር የመያያዝ ጊዜ አያገኝም። ይህን ብቻ ብታደርጊ ለውጡን በጣትሽ ታውቂዋለሽ።

አረንጓዴው የመኖ ጉዳይ አይደለም። ሀበሻም ሆነ ፈረንጅ ሁለቱም ላይ ይወጣል። ከመጠን በላይ መቀቀልና ቀስ ብሎ መብረድ ነው የሚያመጣው። ግማሽ ሰዓት አፍልቶ ከዚያ ውሃው ውስጥ እስኪበርድ መተው ማለት ለቀለበቱ ሁሉንም ማመቻቸት ማለት ነው።

ቤተ ሙከራ

ነጭ ሽርጥ ያለውን ላክልበት፣ ኬሚስትሪ ነው የማስተምረው። ነጩ ውስጥ ድኝ አለ። ሙቀቱ ሲበዛ ከነጩ ሃይድሮጅን ሰልፋይድ የሚባል ጋዝ ይለቀቃል። በጣም የተቀቀለ እንቁላል ስትከፍቱ የሚሸታችሁ እሱ ነው። ጋዙ ወደ ውስጥ ይሄድና አስኳሉ ላይ ካለው ብረት ጋር ይገናኛል። ሁለቱ ሲዋሃዱ አረንጓዴ ግራጫ ነገር ይፈጠራል። ለዚህ ነው ቀለበቱ አስኳሉና ነጩ በሚገናኙበት ቦታ ብቻ የሚታየው። መሃሉ ቢጫ ነው።

ቶሎ ማቀዝቀዙ ሁለት ነገር ያደርጋል። ሙቀቱን ያቆማል። በዚያ ላይ የውጩ ሲቀዘቅዝ ጋዙ ወደ አስኳሉ ከመግፋት ይልቅ ወደ ቅርፊቱ በኩል ይሳባል። እዚያው ሙቅ ውሃ ውስጥ ሲቀር ግን ወደ አስኳሉ መግባቱን ይቀጥላል።

ሰው አይጎዳም። ለትልቋ ሴት ንገሪልኝ፣ ተበላሽቶ ቢሆን ኖሮ ቅርፊቱ ሲሰበር ጀምሮ ቤቱን የሚሞላ ሽታ ነበረው።

አንድ ነገር ግን ልብ በይ። ከቆየ እንቁላል ጋዙ ሲወጣ ነጩ አሲድነቱ ይቀንሳል። ይህ ለመላጥ ጥሩ ነው፣ ለቀለበቱ ግን መጥፎ ነው። አሲድነቱ በቀነሰ ቁጥር ድኙ በቀላሉ ይለቀቃል። ስለዚህ የቆየ እንቁላል ይዘሽ ብዙ ከቀቀልሽ ቀለበቱ ይበልጥ ይመጣብሻል። ሰዓቱን መጠበቅ ግድ ነው።

መናኸሪያ ሰፈር

እኔ እንኳን ቅቅል እንቁላል ነው የምሸጠው፣ መናኸሪያው አካባቢ፣ በሚጥሚጣ። ቅርፊቱ አይላጥ ብሎኝ አያውቅም፣ ሁልጊዜ የፈረንጅ እንቁላል በትሪ ስለምገዛ ይሆናል፣ ከመጣ ቀናት ቆይቷል። የኔ ችግር ሌላ ነው። በፈላ ውሃ ላይ እንቁላል ስትከቱ ይፈነዳል። ነጩ ይወጣና ወጣ ገባ ይሆናል። እንደዚያ የሆነውን ሰው አይገዛኝም። ለዚህ ነው እኔ ከቀዝቃዛ የምጀምረው። ነጭ ሽርጥ ይህን እንዴት ታደርገዋለህ?

ሌላ ደግሞ የኔም አስኳል አረንጓዴ ነው ሁሌ። እስከ ዛሬ እንቁላሉ እንደዚያ ይመስለኝ ነበር።

ነጭ ሽርጥ

ወንድሜ መናኸሪያ፣ ጥሩ ጥያቄ ነው። የሚፈነዳው ብዙ ጊዜ ከፍሪጅ ወጥቶ በቀጥታ የፈላ ውሃ ውስጥ ሲወድቅ ነው። ሁለተኛው ምክንያት ከላይ መጣሉ ነው። ጭልፋውን እስከ ድስቱ ወለል አውርደህ ቀስ ብለህ ልቀቀው። እንቁላሉ ከጠዋቱ ውጭ ቆይቶ የቤቱን ሙቀት ይያዝ። ከተከተተ በኋላ ደግሞ እሳቱን ቀንስ። እንቁላሎቹ እርስ በርስ እንዲጋጩ የሚያደርግ መንተክተክ አያስፈልግም፣ ውሃው ትንሽ ትንሽ ሲያፈላ በቂ ነው።

ጨው የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው። እትዬ የቤቲ እናት የጠቀሱት ጨውና ኮምጣጤ ቅርፊት አያላቅቅም። ቅርፊቱ ከተሰነጠቀ ግን የወጣውን ነጭ ቶሎ ያረጋዋል፣ ስንጥቁን እንደመድፈን ነው። ስለዚህ ለአንተ ይረዳሃል።

የቤቲ እናት

እሺ፣ ጨው ቅርፊት አያላቅቅም ካላችሁ እቀበላለሁ። ግን በኔ ቤት ችግሩን ስላላየሁት ነው። እኔ የምገዛው ከሱቅ ነው፣ ምናልባት የቆየ ስለሆነ ይሆናል የሚላጥልኝ። ግን ሌላ ልጠይቅ። ሶዳ ጨምሩበት የሚሉ አሉ። ያ ይሠራል?

ቤተ ሙከራ

ሶዳው የውሃውን አሲድነት ያሳንሰዋል፣ ሐሳቡ የቆየ እንቁላል ማስመሰል ነው። አንዳንድ ሰው ይሠራል ይላል። እኔ ግን እንቁላሉ በሚቀቀልባት አጭር ጊዜ ቅርፊቱን አልፎ ብዙ የሚገባ አይመስለኝም። ብዙ ሶዳ ደግሞ ቅቅሉን መጥፎ ሽታ ይሰጠዋል።

ነጭ ሽርጥ

እኔ ሶዳ ያደረግኩበት ጊዜ አለ፣ ትንሽ ለውጥ ያየሁ መሰለኝ። ግን ውሃውን ቀድሞ የማፍላቱን ያህል ለውጥ ስለማይሰጥ ተውኩት። በዚህ ላይ እኔና አስተማሪው ባንስማማም ችግር የለውም።

ከጋምቤላ የመጣሁ

አንድ ነገር ልጨምር። ጋምቤላ ነበርኩ፣ አሁን ጅማ ነኝ። እዚያ የለመድኩትን ደቂቃ እዚህ ስሞክር አስኳሉ መሃሉ ላይ ፈሳሽ ሆኖ ቀረብኝ። እንቁላሉ ነው ወይስ ምድጃዬ?

ቤተ ሙከራ

ከፍታው ነው። ከባሕር ጠለል አንስቶ ወደ ላይ በወጣን ቁጥር ውሃ በአነስተኛ ሙቀት ይፈላል። በግምት በየ 300 ሜትሩ አንድ ዲግሪ ይቀንሳል። ጋምቤላ ከ600 ሜትር በታች ስለሆነች ውሃው 98 ዲግሪ አካባቢ ላይ ይፈላል። ጅማ 1700 ሜትር ገደማ ነች፣ እዚህ 94 ዲግሪ ያህል ነው። አዲስ አበባ ከዚህም ይቀንሳል። ስለዚህ ከዝቅተኛ ቦታ የመጣ ሰው እዚህ ሁለት ደቂቃ ያህል መጨመር አለበት። ከኢንተርኔት ያገኛችሁት ደቂቃም ባሕር ዳርቻ ላለ ሰው የተጻፈ ሊሆን ይችላል። እሳት መጨመር ውሃውን ከ94 በላይ አያወጣውም፣ ቶሎ እንዲተን ብቻ ያደርገዋል።

የኮቺዋ

ይህን አላውቅም ነበር። ታዲያ በጅማ ስንት ደቂቃ ልበል? ከፈላ ውሃ ከጀመርኩ ማለቴ ነው።

ነጭ ሽርጥ

እንቁላሉ ውሃው ውስጥ ከገባበት ጊዜ ጀምሮ ቁጠሪ። የፈረንጁ ዶሮ፣ መካከለኛው፣ 12 ወይም 13 ደቂቃ። የሀበሻው ትንሽ ስለሆነ 10 ደቂቃ ይበቃዋል። ትንሹንና ትልቁን በአንድ ድስት አትቀላቅዪ። ትንሹ ቀለበት ይይዛል፣ ትልቁ ደግሞ መሃሉ ይለሰልሳል። ገበያ ስትሄጂ አንድ መጠን መርጠሽ ግዢ።

ከዚያ በላይ የኔን ደቂቃ እንደ ሕግ አትያዢ። ምድጃሽና ድስትሽ የተለየ ነው። ከአርባው በፊት አንድ ሁለት ቀቅለሽ ከፍለሽ እዪ። አስኳሉ ሙሉ በሙሉ ረግቶ፣ መሃሉ ላይ ትንሽ ብርቱካንማ ሆኖ ጠቆር ካለ ትክክል ነው። ሙሉ በሙሉ የደበዘዘ ዱቄት ከሆነ ብዙ ነው፣ ቀለበቱም መጣ ማለት ነው።

አርባውን ግን በአንድ ጊዜ አትክተቺ። ስህተት የሚሠራው እዚህ ላይ ነው። ሃያ እንቁላል ከአንድ ኪሎ በላይ ይመዝናል። ሁለት ሊትር ውሃ ብታፈዪና ሃያ ብትከቺበት፣ ውሃው ወዲያው ከ94 ወደ 70 አካባቢ ይወርዳል። ከሰል ደግሞ መልሶ እስኪያፈላ ይዘገያል። ያ ማለት ከቀዝቃዛ ውሃ ጀምረሽ እንደማለት ነው፣ መላጡም ይጠፋል። አምስት ሊትር ውሃ ያለበት ትልቅ ድስት ብትጠቀሚ ግን ከ80 በታች ብዙም አይወርድም፣ ቶሎም ይመለሳል። እንቁላሎቹ ከላያቸው ሁለት ጣት ውሃ ይኑራቸው። አርባውን በሁለት ጊዜ ቀቅዪ። ድስቱ ካነሰ በሦስት ይሁን። ክዳን አድርጊ፣ ቶሎ ወደ መፍላቱ ይመለሳል፣ ሲፈላ ግን ከክዳኑ ጫፍ ከፈት አድርጊው።

የኮቺዋ

በጣም ግልጽ ነው። ማቀዝቀዙስ? በረዶ የለኝም ብያለሁ።

ነጭ ሽርጥ

በረዶ ባይኖርም ይሠራል፣ ውሃው ብዙ ይሁን እንጂ። ሁለት ባልዲ አዘጋጂ፣ ውሃው ከሌሊቱ ጀምሮ ጥላ ላይ ቆይቶ ይሁን። ቀቅለሽ እንደጨረስሽ ወዲያው በጭልፋ አውጥተሽ ወደ መጀመሪያው ባልዲ ክተቺ። ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ ውሃው ለብ ሲል ወደ ሁለተኛው አዛውሪ። በአንድ ባልዲ ብትተዪው እንቁላሉ ውሃውን ያሞቀውና ማቀዝቀዙ ይቆማል። እንቁላሉን በእጅሽ ይዘሽ ሙቀት ካልተሰማሽ ደርሷል። ዐሥር አስራ አምስት ደቂቃ በአጠቃላይ ይበቃል።

ባልዲው ውስጥ እያለ ቅርፊቱን ዙሪያውን ቀስ ብለሽ ሰንጥቂው። ውሃ በስንጥቁ ገብቶ በነጩና በስሱ ቆዳ መካከል ይገባል። ከዚያ ከወፍራሙ ጫፍ ጀምረሽ ላጪ፣ እዚያ የአየር ቦታ ስላለ ቆዳውን ለማንሳት ይቀላል። ቆዳው ከተያዘልሽ ቅርፊቱ አብሮት ይመጣል። ውሃ ውስጥ ይዘሽው ላጪ፣ የቀረው ቁርጥራጭ ይታጠባል።

የቤቲ እናት

ወፍራሙን ጫፍ በመርፌ ቀድሞ መብሳት ይሻላል የሚሉም አሉ። እኔ አንዱን በስቼ ነጩ ሊወጣ ነበር።

ነጭ ሽርጥ

የሚበሱት አየሩ እንዲወጣና ወፍራሙ ጫፍ ጠፍጣፋ እንዳይሆን ነው። መሰንጠቅንም ይቀንሳል የሚሉ አሉ። እኔ ብዙ ልዩነት አላየሁም፣ ለአርባ እንቁላል ደግሞ ሥራ ነው። ወጥ ውስጥ ለሚገባ እንቁላል አያስፈልግም።

የአባ ቡና ደጋፊ

የኔ ጥያቄ ይለያል። ልጄ ገና ሁለት ዓመቱ ነው፣ አረንጓዴ የሆነውን አስኳል እየሰጠሁት ነበር። ይጎዳዋል? ልጣልለት?

ቤተ ሙከራ

አይጎዳም ወንድሜ። ብረትና ድኝ ነው፣ ሁለቱም ቀድሞውኑ እንቁላሉ ውስጥ የነበሩ ናቸው። የበላ ልጅ አያመውም። ጣዕሙና ልስላሴው ብቻ ነው የሚቀንሰው። የሚያሳስበው ሌላ ነገር ነው። ተላጥቶ ለሰዓታት ውጭ የቆየ እንቁላል ለልጅ አትስጥ።

የኮቺዋ

አሁን አንድ ያልገባኝ ነገር አለ። የኔ ቀለበት ከወጡ ውስጥ ነው የመጣው ወይስ ከቀቀልኩበት? ምክንያቱም ወጡ ቅዳሜ ማታ ነው የሚሠራው። እንቁላሉንም ማታውኑ እከተዋለሁ። እሁድ ደግሞ እንግዳ እስኪመጣ ከሰል ላይ እንደሞቀ ይቆያል።

ነጭ ሽርጥ

ከሁለቱም ነው። መጀመሪያ ግማሽ ሰዓት ቀቅለሻል። ከዚያ ወጡ ውስጥ ለሰዓታት እንደሞቀ ሲቆይ እንደገና ተቀቀለ ማለት ነው። በትክክል የቀቀልሽውም ቢሆን ሌሊቱን ሙቅ ወጥ ውስጥ ካደረ ቀለበቱን ይይዛል።

ስለዚህ ለዶሮ ወጥ እንቁላሉን ከላይ ካልኩት አንድ ደቂቃ ቀንሰሽ ቀቅዪ፣ ወጡ ውስጥ የቀረውን ያገኛል። ወጡን ቅዳሜ ማታ ጨርሺ፣ እንቁላሉን ግን ከዚያ ጋር አታሳድሪ። እሁድ ጠዋት ቀቅለሽ፣ አቀዝቅዘሽ፣ ላጪ። እንግዳ ሊመጣ ሲል ለዚያ ዙር የሚበቃውን ወጥ ወደ ትንሽ ድስት ቀድተሽ አፍዪ፣ ከምድጃው አውርጂ፣ እንቁላሉን ክተቺና ክደኚው። ሃያ ደቂቃ ያህል ሲቆይ ይሞቃል፣ ቀለምም ይይዛል። ለሁለተኛው ዙር እንግዳ ሌላ ድስት። አርባውን አንድ ቦታ ከሰል ላይ ማስቀመጡ ነው የሚጎዳው።

ነጩን በቢላ ሦስት አራት ቦታ ጫር ጫር አድርጊው፣ ወጡ እንዲገባበት። አስኳሉ ድረስ ግን አትውረጂ።

የቤቲ እናት

በዚህስ አልስማማም ልጄ። እንቁላል ወጡ ውስጥ ካልቆየ ጣዕም የለውም። እናቴ ወጡ ሊወርድ ግማሽ ሰዓት ሲቀረው ትከተው ነበር። ቅመሙ ውስጡ ድረስ ይገባል። ያ ነው የዶሮ ወጥ እንቁላል። የሆቴሉ እንቁላል ላዩ ብቻ ቀይ ነው፣ ውስጡ ነጭ ነው።

ነጭ ሽርጥ

እትዬ፣ ይህን እሰማዎታለሁ። እውነትም ለብዙ ሰው የእናት ቤት ወጥ እንቁላል እንዲህ ነው። እኔ ግን ወጡ ወደ ውስጥ የሚገባው በጫሩት በኩል ነው እላለሁ፣ የረጋ ነጭ ራሱ ብዙ አይመጥም። ግማሽ ሰዓት በቀስታ እሳት ላይ ከሆነ ቀለበቱ ቀጭን ነው የሚሆነው፣ ትልቁ ጉዳት ማደሩ ነው። የኮቺዋ ከሁለታችን ትምረጥ።

የኮቺዋ

ዛሬ ሞክሬ መጣሁ። ከጎረቤቴ የትናንት እንቁላል ወሰድኩ፣ ከሱቅ ደግሞ የቆየ ገዛሁ። ሁለቱንም ከፈላ ውሃ ጀመርኩ። የሱቁ በሚያስደንቅ ሁኔታ ተላጠ፣ ቆዳው በሙሉ አብሮ ወጣ። የጎረቤቴ ከድሮው በጣም ይሻላል፣ ግን አንድ አንዱ ላይ ነጩ ትንሽ ተነሣ። ስከፍላቸው ቀለበት የለም። የሀበሻው 10 ደቂቃ ላይ ጥሩ ነው፣ የሱቁ ግን 12 ላይ መሃሉ ትንሽ ለስላሳ ነበር፣ 13 አደርገዋለሁ።

ከወጥ ጋር የቀቀልኩትንም አየሁ። ማታ ከተረፈ ወጥ ውስጥ አንድ ጨምሬ አሳድሬ ነበር፣ ጠዋት ስከፍለው ቀጭን ግራጫ መስመር አለው። ስለዚህ እሱ ገብቶኛል።

ነገ ሐሙስ ሕርማታ ገበያ እወርዳለሁ። አርባ አምስት ገዝቼ ጓዳ፣ ጥላ ቦታ አስቀምጣለሁ። እስከ እሁዱ ዐሥር ቀን ይሆነዋል። እትዬ፣ ለአንድ ድስት የእናትዎን አደርጋለሁ፣ ለሌላው የነጭ ሽርጥን። እንግዶቹ ይንገሩኝ።

የቤቲ እናት

ጎሽ የኔ ልጅ! የሁለቱን ንገሪኝ እንዳትረሺ።

መናኸሪያ ሰፈር

የኔስ? እኔ የምሸጠው ትኩስ ነው። ጠዋት ቀቅዬ ባልዲ ሙቅ ውሃ ውስጥ አድርጌ ነው የማዞረው። ሰው በእጁ ሲይዘው ካልሞቀ አይገዛም። ባቀዘቅዘው እንዴት ልሸጠው? እናንተ የምትሉት ለቤት ነው።

ነጭ ሽርጥ

የአረንጓዴህ ምክንያት ያ ባልዲ ነው። ሙቁ ውሃ ውስጥ እስከ ቀትር ሲቆይ እየተቀቀለ ነው። አንድ መንገድ አለ። ጠዋት ቀቅለህ ሁሉንም ቶሎ አቀዝቅዝ። ከዚያ በየጊዜው ዐሥር ዐሥር ብቻ ከነቅርፊቱ ለብ ባለ ውሃ ውስጥ አሙቅ፣ እነሱ ሲያልቁ ሌላ ዐሥር። ውሃው እጅህን የማያቃጥል ይሁን። አስኳሉ አይለወጥም።

መናኸሪያ ሰፈር

ለብ ባለ ውሃ ውስጥ ሰው የሚወደውን ያህል አይሞቅም። ከሰል ይዤም መዞር አልችልም። ሌላ የሚያውቅ ካለ ይጻፍልኝ። ከፈላ ውሃ የመጀመሩን ግን ነገ ጠዋት እሞክረዋለሁ፣ ጨውም አደርግበታለሁ።